ኢሜይልዎ «ወጥቷል» ሲባል የትኛው አካውንት ይቅደም?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 መጨረሻ «ጂሜይል ተጠለፈ፣ 183 ሚሊዮን የይለፍ ቃል ወጣ» የሚል ወሬ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥለቅልቆት ነበር። ጉግል ወዲያው አስተባበለ። ማስተባበያው ልክ ነው፤ የጂሜይል ሰርቨር አልተሰበረም። ቁጥሩ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። 183 ሚሊዮን የኢሜይል አድራሻ የያዘ ክምችት በእርግጥ ነበረ። የተለቀመው ከሰዎች ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የለቀሙትም የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ናቸው። ከአድራሻዎቹ አብዛኞቹ ቀደም ብለው በሌሎች ክምችቶች ውስጥ ታይተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት 16 ሚሊዮን ገደማ ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ዜና በወጣ ቁጥር ሰው ኢሜይሉን መፈተሽ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜም «አዎ፣ አድራሻዎ ተገኝቷል» የሚል መልስ ያገኛል። ከዚያስ? አንዱ ደንግጦ ፊቱ ያገኘውን አካውንት ሁሉ መቀየር ይጀምርና ሦስተኛው ላይ ይደክመዋል። ሌላው «የሁሉም ሰው ወጥቷል» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ውጤቱን አላነበቡትም። ውጤቱ በደንብ ከተነበበ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ይጠቁማል። ሥራውም ከሚፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

መፈተሻው ምን ያውቃል?

በሰፊው የሚታወቀው መፈተሻ haveibeenpwned.com ነው። አውስትራሊያዊው የደኅንነት ባለሙያ ትሮይ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2013 ጀመረው። ሞዚላ ሞኒተርን የመሳሰሉ ሌሎች አገልግሎቶችም የሚጠቀሙት የእሱን መረጃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከተለያዩ ድርጅቶች ተሰርቆ የወጣ የደንበኞች መዝገብ እጁ ሲገባ፣ በውስጡ ያሉትን የኢሜይል አድራሻዎች ይመዘግባል። እርስዎ አድራሻዎን ሲያስገቡ በየትኞቹ መዝገቦች ውስጥ እንዳለ ይነግርዎታል።

እዚህ ላይ ሦስት ገደቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ የሚያውቀው እጁ የገባውን ብቻ ነው። አንድ መዝገብ ተሰርቆ ለዓመታት በድብቅ ሊሸጥ ይችላል። የሊንክድኢን ስርቆት የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። 164 ሚሊዮን አድራሻ የያዘው ሙሉ መዝገብ ገበያ ላይ የወጣው ግን በ2016 ነው። በመሃሉ ባሉት አራት ዓመታት ፈትሾ «ንጹሕ ነው» የተባለ ሰው ንጹሕ አልነበረም።

ሁለተኛው፣ አንዳንዱ ውጤት ለሁሉም ሰው አይታይም። በአንድ ድረ-ገጽ ላይ መመዝገብ ብቻውን ሰውን የሚያሳፍር ወይም አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ መፈተሻው ያንን ውጤት ከሕዝብ እይታ ይሸሽገዋል። የሚያሳየው ወደ ኢሜይሉ በተላከ ማረጋገጫ የአድራሻው ባለቤት መሆንዎን ካሳዩ በኋላ ነው። ስለዚህ አድራሻውን አስገብቶ ማየት ብቻ አይበቃም። በ«Notify me» በኩል አድራሻዎን ቢያረጋግጡ ሙሉውን ያያሉ፤ ወደፊት አዲስ ነገር ሲገኝም መልእክት ይደርስዎታል።

ሦስተኛው በጣም የሚረሳው ነው። መፈተሻው የይለፍ ቃልን ከኢሜይል ጋር አጣምሮ አያስቀምጥም። የትኛው የይለፍ ቃልዎ እንደወጣ ሊነግርዎት አይችልም። ያንን ከድረ-ገጹ ስምና ከዓመተ ምሕረቱ ተነስተው ራስዎ ማስታወስ አለብዎት።

«ታዲያ ኢሜይሌን ለማላውቀው ድረ-ገጽ መስጠቱ ራሱ አደጋ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አስመሳይ መፈተሻዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ኢሜይል አድራሻ ግን በየቀኑ ለሰው የምንሰጠው ነገር ነው። ብቻውን ምንም አይከፍትም። መለያው ይኸው ነው፦ በአንድ ገጽ ላይ ኢሜይልንና የይለፍ ቃልን አብሮ የሚጠይቅ «መፈተሻ» ካጋጠመዎት ገጹን ይዝጉት። ትክክለኛ መፈተሻ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አያስፈልገውም።

አንድ ውጤት ሲነበብ

የሚሆነውን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው አድራሻውን አስገብቶ አራት ውጤት አገኘ እንበል፦ ሊንክድኢን፣ ካንቫ፣ ትዊተር እና መግቢያችን ላይ ያነሳነው የ2025ቱ ክምችት። አራቱም አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ይመስላሉ። ትርጉማቸው ግን በጣም ይለያያል። ቁልፉ በእያንዳንዱ ውጤት ሥር «Compromised data» የሚለው መስመር ነው። የወጣው የመረጃ ዓይነት የሚዘረዘረው እዚያ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገውም «Passwords» የሚለው ቃል አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ከትዊተሩ እንጀምር፤ እሱ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የተሰራጨው የትዊተር መዝገብ ከ200 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ነበረበት። የተገኘው ግን በ2021 በድርጅቱ ሲስተም ላይ የነበረን ቀዳዳ በመጠቀም፣ የትኛው ኢሜይል የየትኛው ፕሮፋይል እንደሆነ አንድ በአንድ በመጠየቅ ነው። ስም፣ የተጠቃሚ ስምና ኢሜይል ወጣ። የይለፍ ቃል አልወጣም። ስለዚህ እዚህ የሚቀየር የይለፍ ቃል የለም። የቀረው አደጋ በዚህ መረጃ ተጠቅሞ የሚጻፍ አታላይ መልእክት ነው።

ካንቫ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ሲዘረፍ የ137 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ተወስዷል። እዚህ የይለፍ ቃል አለ፤ ሆኖም ተመስጥሮ ነው። ጊዜ ሰጥተን ልናየው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ድርጅቶች የይለፍ ቃልን እንዳለ አያስቀምጡም፤ ቢያንስ ማስቀመጥ የለባቸውም። ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት ወደ ሌላ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይቀይሩታል። ይህ ሃሽ ይባላል። ሌባው የሚያገኘው ሃሹን ነው። ከዚያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ግምቶችን እያሰላ የትኛው ግምት ተመሳሳይ ሃሽ እንደሚሰጥ ይሞክራል። ካንቫ የተጠቀመው ቢክሪፕት የተባለው ስሌት ሆን ተብሎ ቀርፋፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ የይለፍ ቃልም የተለየ ጭማሪ ይቀላቅላል። ስለዚህ ግምቱ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ረጅምና ለመገመት የሚያስቸግር የይለፍ ቃል የነበረው ሰው እዚህ ብዙም አልተጎዳም። ደካማ የነበረው ግን ጊዜ ገዛ እንጂ አላመለጠም። በጉግል ወይም በፌስቡክ አካውንቱ በኩል ይገባ የነበረ ደግሞ እዚያ የተከማቸ የይለፍ ቃል አልነበረውም፤ የሚቀይረውም የለም።

ሊንክድኢን በተቃራኒው ነው። በ2012 የይለፍ ቃሎቹ የተያዙት ሻ-1 በሚባል ፈጣን ስሌት ሲሆን ምንም ጭማሪ አልነበረበትም። መዝገቡ ይፋ በወጣ በቀናት ውስጥ እጅግ አብዛኞቹ ተፈትተዋል። ስለዚህ የእኛ ሰው ያኔ በሊንክድኢን ላይ ይጠቀምበት የነበረውን የይለፍ ቃል እንደ ወጣ መቁጠር አለበት። «ድሮ የሆነ ነገር ነው» ማለት አይሠራም። የሊንክድኢኑ አካውንት ራሱ ዛሬ ላይ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ የቆዩ የይለፍ ቃሎችን ሰርዟል። ጥያቄው ያ የይለፍ ቃል፣ ወይም ጫፉ ላይ ቁጥር የተጨመረበት ታናሽ ወንድሙ፣ ሌላ የት አለ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ የ2023ቱ የ23ኤንድሚ ጉዳይ ያሳያል። የዘር መረጃ የሚመረምረው ይህ ድርጅት ሰርቨሩ አልተሰበረም። አጥቂዎቹ ከሌላ ቦታ የወጡ የኢሜይልና የይለፍ ቃል ጥንዶችን ይዘው መጥተው አንድ በአንድ ሞከሩ። ወደ 14,000 አካውንት ተከፈተላቸው። በእነዚያ በኩል ከዘመዶች ጋር በሚያገናኘው አገልግሎት የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ማየት ቻሉ። አካውንታቸው የተከፈተባቸው ሰዎች ችግር አንድ ነበር፤ የይለፍ ቃላቸውን ሌላም ቦታ ተጠቅመውበታል።

አራተኛው ውጤት፣ የ2025ቱ ክምችት፣ ከሁሉም የተለየ ነው። እሱን ወደ ኋላ ለብቻው እናየዋለን።

የይለፍ ቃሉን ራሱን መፈተሽ

የእኛ ሰው የድሮውን የይለፍ ቃል አስታወሰ እንበል። መውጣቱን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ለዚህ መፈተሻው «Pwned Passwords» የሚባል የተለየ ገጽ አለው። የይለፍ ቃልን ድረ-ገጽ ላይ መጻፍ ያስፈራል፤ መፍራቱም ጤነኛ ልማድ ነው። ይህ ገጽ ግን የይለፍ ቃሉ ከእርስዎ ኮምፒውተር እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው `password` የሚለውን ቃል ቢጽፍ፣ ብሮውዘሩ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ሃሹን ያሰላል፦

```
5BAA61E4C9B93F3F0682250B6CF8331B7EE68FD8
```

ከዚህ ውስጥ ወደ ሰርቨሩ የሚላኩት የመጀመሪያዎቹ አምስት ምልክቶች ብቻ ናቸው፦

```
https://api.pwnedpasswords.com/range/5BAA6
```

ሰርቨሩ በ`5BAA6` የሚጀምሩ የወጡ ሃሾችን በሙሉ ይመልሳል፤ ብዙ መቶ መስመር ነው። የቀረውን ክፍል ከዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልገው የእርስዎ ብሮውዘር ነው። ሰርቨሩ ከእነዚያ ሁሉ የትኛውን እንደፈለጉ አያውቅም። ከመስመሩ ጎን ያለው ቁጥር ያ የይለፍ ቃል በወጡ መዝገቦች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ ይገልጻል።

የውጤቱ አነባበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ተገኝቷል» ማለት የግድ የእርስዎ አካውንት ወጣ ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል። ለአጥቂው ግን ልዩነት የለውም። ቃሉ መሞከሪያ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ የትም ቦታ መጠቀሚያነቱ አብቅቷል። «አልተገኘም» ማለት ደግሞ ዋስትና አይደለም። እንዲያውም አንድን የይለፍ ቃል አሁንም የሚጠቀሙበት ከሆነ መፈተሽ ሳያስፈልግ መቀየሩ ይቀላል። ስልክና ብሮውዘር ውስጥ ያሉት የይለፍ ቃል ማስቀመጫዎች ያስቀመጡትን ሁሉ ፈትሸው የወጣውንና የተደጋገመውን ለይተው ያሳያሉ። አንድ በአንድ ከመጻፍ ያ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ ከኢሜይሉ ለምን ይጀምራል?

ብዙ ሰው የሚሮጠው መጀመሪያ ዜናው ላይ ስሙ ወደተጠራው ድረ-ገጽ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ባንኩ። ስሜቱ ይገባል። ሆኖም «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለው ሊንክ የሚላከው ወደ ኢሜይል ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው የሌሎቹን የይለፍ ቃል ማወቅ አያስፈልገውም፤ እንደ አዲስ ያወጣዋል። ኢሜይሉ ሳይጠራ ሌላውን መቀየር ድካም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጉዳይ ጠጋ ብለን ስናይ አንድ ነገር ብቅ ይላል። ዋናው ኢሜይሉ ጠንካራ የይለፍ ቃልና ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሁለተኛ ማስረጃ የሚጠይቅ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለው። ነገር ግን የይለፍ ቃሉ ሲረሳ ሊንኩ የሚላክበት የመመለሻ አድራሻ ተብሎ የተመዘገበው ሌላ ኢሜይል ነው፤ የድሮ፣ ከተከፈተ ዓመታት ያለፉት። የዚያ ኢሜይል የይለፍ ቃል ደግሞ በ2012 ሊንክድኢን ላይ ይጠቀምበት የነበረው ነው። ስለዚህ ለእሱ መጀመሪያ የሚስተካከለው በመፈተሻው ውጤት ላይ ስሙ እንኳ ያልተጠቀሰው ያ የተረሳ አድራሻ ነው። ወይ የይለፍ ቃሉ ይቀየራል፣ ወይ ከመመለሻነት ይነሳል። የማይጠቀሙበት ከሆነ ማንሳቱ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ዋናው ኢሜይል። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ገብቶ የነበረን ሰው ላያስወጣ ይችላል። አጥቂ ኢሜይል ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ዱካ ጥሎ ይሄዳል፤ የሚመጣው መልእክት ቅጂ ወደ እሱ አድራሻ እንዲተላለፍ ያዛል፣ ወይም ከባንክ የሚመጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ መጣያው እንዲገባ ማጣሪያ ይሠራል። እነዚህ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም ይቆያሉ። ጂሜይል ላይ በኮምፒውተር ገብተው በ«Settings» ሥር «Forwarding and POP/IMAP» እና «Filters and Blocked Addresses» የሚሉትን ሁለት ገጾች ይክፈቱ። እርስዎ ያላስገቡት አድራሻ ወይም ማጣሪያ ካለ ሰው ገብቶ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ «Your devices» ላይ የማያውቁትን መሣሪያ ያስወጡ። የመመለሻ ስልክ ቁጥሩም የእርስዎ መሆኑን ይዩ። ያኔ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያብሩ።

ማረጋገጫው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይምጣ ወይስ ስልክ ላይ ኮድ በሚያወጣ ኦተንቲኬተር አፕ የሚለው ያከራክራል። መልእክቱ ደካማ ነው፤ ስልክ ቁጥርን በማጭበርበር ወደ ሌላ ሲም ማዛወር ይቻላል። አፕ፣ ወይም በይለፍ ቃል ፈንታ መሣሪያው ላይ በተቀመጠ ቁልፍ የሚያስገባው ፓስኪ ይሻላል። ነገር ግን የተሰረቀ የይለፍ ቃል በጅምላ የሚሞክር አጥቂን መልእክቱም ያቆመዋል። ከምንም ይሻላል።

ከኢሜይሉ በኋላ ተራው የወጣውን የይለፍ ቃል፣ ወይም ቅርብ ዘመዱን፣ የሚጋሩ አካውንቶች ነው። ከእነሱም ውስጥ ገንዘብ የሚነካውና ሌሎች ድረ-ገጾች ላይ መግቢያ የሆነው ይቀድማል። በፌስቡክ አካውንት የሚገባባቸው አሥር አፖች ካሉ ፌስቡኩ እንደ አሥር ይቆጠራል። የተዘረፈው ድረ-ገጽ ራሱ፣ ካርድ ወይም የግል ሰነድ ከሌለበት፣ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ችግር የለውም።

ኮምፒውተሩ ራሱ ከተነካ

አሁን ወደ አራተኛው ውጤት። ሦስቱ የወጡት ከድርጅቶች ነው። ይህኛው ግን የተለቀመው ከሰዎች መሣሪያ ነው። ኢንፎስቲለር የሚባሉት ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ከተሰነጠቀ ሶፍትዌር ወይም ከጌም ማጭበርበሪያ ጋር ተደባልቀው ይገባሉ። ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ከነድረ-ገጻቸው አድራሻ ይወስዳሉ። እዚህ ሃሽ የሚባል ነገር የለም፤ ቃሉ እንዳለ ነው የሚሄደው። የመግቢያ ኩኪዎችንም ይወስዳሉ። ኩኪ ብሮውዘሩ «ይህ ሰው ቀድሞ ገብቷል» ብሎ የያዘው ምልክት ነው። እሱን የያዘ አጥቂ የይለፍ ቃልም ሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ ላይጠየቅ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃል መቀየር አዲሱንም ለሌባው ማስረከብ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ መሆኑን በሚያምኑት ሌላ መሣሪያ ኢሜይሉን ያስተካክሉ፤ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ የሚለውንም ይጫኑ። ኩኪዎቹ የሚሞቱት ያኔ ነው። ኮምፒውተሩን በጸረ-ቫይረስ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ አስተማማኙ ግን የራስን ፋይል አስቀምጦ ሲስተሙን እንደገና መጫን ነው።

ውጤቱ የቆየ ወይም የተደጋገመ መረጃ ሊሆንም ይችላል። ለመለየት በመፈተሻው ላይ አድራሻዎን አረጋግጠው ይግቡ። ለእንዲህ ዓይነት ክምችቶች የትኞቹ ድረ-ገጾች ከአድራሻዎ ጋር ተይዘው እንደተገኙ ያሳያል። የእኛ ሰው አምስት ድረ-ገጽ አየ እንበል፤ አምስቱም ከሁለት ዓመት በፊት በሸጠው ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚጠቀምባቸው ነበሩ። እንግዲያው የአሁኑ ኮምፒውተር መነካቱን የሚያሳይ ነገር የለም፤ የአምስቱ ድረ-ገጾች የይለፍ ቃል ግን ይቀየራል። ባለፈው ወር የተመዘገበበት ድረ-ገጽ ዝርዝሩ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ፕሮግራሙ አሁንም እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም መቀየር ወይስ የተነካውን ብቻ?

የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ይቀየር የሚለው ምክር ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ከዚህ ምክር ወጥቷል። ድርጅቶች በየጊዜው እንዳያስገድዱና መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሲኖር ግን እንዲያስቀይሩ ይመክራል። ምክንያቱ የሰው ጠባይ ነው። በግድ ሲባል ሰው መጨረሻ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይራል። የሌቦቹ ፕሮግራም ደግሞ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

«ሁሉንም ቀይሩ» የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። የይለፍ ቃሉን በየት በየት እንደተጠቀመ የማያስታውስ ሰው የተነካውን ብቻ ለይቶ መቀየር አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሁሉንም መቀየሩ ልክ ነው፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። ኢሜይሉን፣ ገንዘብ ያለበትንና መግቢያ የሆኑትን ዛሬ፤ የቀሩትን ደግሞ በገቡባቸው ቁጥር። አዲሱን ቃል የይለፍ ቃል ማስቀመጫው ያውጣው፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ይሁን። ያኔ ቀጣዩ መዝገብ ሲወጣ የሚነካው አንድ አካውንት ብቻ ነው።

የማይቀየረው መረጃ

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ መፈተሻው አሁንም ያንኑ ውጤት ያሳያል። ይህ ብዙ ሰውን ያደናግራል። ውጤቱ የታሪክ መዝገብ ነው፤ የይለፍ ቃል ስለተቀየረ አይጠፋም። ከሥሩ የክስተቱ ቀንና ወደ መፈተሻው የገባበት ቀን ለየብቻ ተጽፈዋል። የይለፍ ቃሉን የቀየሩት ከክስተቱ ቀን በኋላ ከሆነና የድሮው ቃል ሌላ ቦታ ከሌለ፣ ያ ውጤት ተዘግቷል።

ስም፣ የትውልድ ቀንና ስልክ ቁጥር ግን አንዴ ከወጡ አይመለሱም። ለይለፍ ቃል መመለሻ «የተማሩበት ትምህርት ቤት» ዓይነት ጥያቄ የሚጠቀም አካውንት ካለዎት፣ መልሱን እውነት ባልሆነ ነገር ይተኩትና ማስቀመጫው ውስጥ ይያዙት።

አንድ ተደጋጋሚ መልእክትም አለ። «ኮምፒውተርህን ጠልፌያለሁ፣ ማስረጃው ይኸው የይለፍ ቃልህ» ብሎ ትክክለኛ የድሮ የይለፍ ቃል ይጠቅስና በቢትኮይን ክፈል ይላል። ቃሉ እውነተኛ ስለሆነ ሰው ይደነግጣል። ላኪው ግን ያገኘው እንደ ሊንክድኢን ካለ የወጣ መዝገብ ሲሆን ያንኑ ደብዳቤ ለብዙ ሺህ ሰው ልኮታል። ገንዘብ አይላክም፤ መልስም አይጻፍም። የተጠቀሰው ቃል አሁንም የሆነ ቦታ የሚሠራ ከሆነ ግን ያ አካውንት ዛሬውኑ ይቀየራል። የተጠቀሰው ከጥቂት ሳምንት በፊት ያወጡት አዲስ ቃል ከሆነ ደግሞ ከድሮ መዝገብ ሊመጣ አይችልም። እንግዲህ ወደ ኮምፒውተሩ ምርመራ መመለስ ያስፈልጋል።